ሠላሳ ደቂቃ ለምዕራፍ ስድስት

የዚያን ዓመት ድካም እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ያኔ ከሰዓት በኋላ ሆሳዕና አስተምራለሁ፤ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጋሼ ቤት ተቀምጬ መጽሐፋቸውን ለቴፕ አነባለሁ።

ጋሼ የልጅነት አስተማሪዬ ናቸው። ዓይናቸው ሳይጠፋ ቦኖሻ፣ ዳምቦያና ሀደሮ ያስተማሩበትን ዘመን በአምስት ደብተር ጽፈው ጨርሰዋል። የሚያሳትምላቸው አላገኙም። አንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ግን በካሴት ከመጣ ለተማሪዎቹ ማዳመጫ ክፍል እንደሚቀበል ጻፈላቸው። ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ካሴቱ ባለ ስልሳ ደቂቃ ይሁን፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ የካሴት ሳይድ፣ በሠላሳ ደቂቃ ይለቅ፣ ንባቡ አይጣደፍ፣ ድምፁ ከፍ ዝቅ አይበል። ጋሼ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከእነዚያ ተማሪዎች ሌላ አንባቢ እንደማይኖራቸው ያውቁ ነበር።

ቴፑን ጎረቤታቸው፣ ጉራጌው ባለሱቅ፣ አዋሳቸው። አንዱን ገጽ በሰዓቴ ይዤ ሳነበው ሁለት ደቂቃ ተኩል ፈጀ። ስለዚህ አንድ ሳይድ ቢበዛ አሥራ አንድ ገጽ ይይዛል፤ የቀረው ለርዕስ ማስተዋወቂያና ለትንፋሽ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነበር። «ይከፈል» ስላቸው ልጅ ቁረጡ የተባሉ ያህል ተቆጡ። ኋላ ከቦኖሻ ወደ ዳምቦያ የተዛወሩበት ቦታ ላይ ከፈልነው፤ ለአዲሱም ምዕራፍ ርዕስ አወጡለት።

ከሁሉ የከፋው የድምፁ ነገር ነበር። ከማይኩ አንድ ስንዝር ርቄ ማንበብ አለብኝ። ሲደክመኝ አንገቴ ወደ ደብተሩ ይደፋል፣ ድምፄም አብሮ ይወርዳል። ጋሼ ወዲያው እጃቸውን ያነሳሉ። «ሰመጥሽ ልጄ» ይላሉ፣ ያን ገጽ ከላይ እንጀምራለን። አንዳንድ ቀን ጠልቻቸው ነው የምወጣው።

ስድስተኛው ምዕራፍ የባለቤታቸው ሞት ነው። ባትሪው እየደከመ ነበር፤ ከሱቅ ደግሞ ባትሪ ጠፍቷል። እንደ ሁሉም ሰው ፀሐይ ላይ አሞቅሁትና ቀዳሁ። በማግስቱ ባለሱቁ አዲስ ባትሪ አመጣ። መልሰን ስንሰማው ድምፄ ቀጥኖ፣ ተጣድፎ፣ የጫጩት ጩኸት ሆኗል። በደከመ ባትሪ ካሴቱ ቀስ ብሎ ሲዞር ተቀድቶ ኖሮ፣ አሁን በደህናው ፍጥነት ሲዞር ንባቡ ይሮጣል።

«ሞቷን በሩጫ አደረግሽው» አሉ።

«ሰለቸኝ ጋሼ!» አልኳቸው። «ከዚህ በላይ አልችልም።» አፈርኩ፤ ግን እውነቴን ነበር።

ደብተሩን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ፣ «ይህን በቃሌ አውቀዋለሁ። አንቺ ርዕሱን ተናገሪ፤ እኔ ልበለው» አሉኝ።

ማይኩን ወደ እሳቸው አዞርኩ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላ ጉልበታቸውን ልነካ ተስማማን። እኔ ደብተሩን ይዤ ተከተልኩ። መጀመሪያ ቃል በቃል ነበር። ከዚያ ንግግራቸው እየዘገየ፣ ዝምታው እየረዘመ መጣ። ሃያ አምስት ሆነ፣ ነካኋቸው። አልፈጠኑም። ባለቤታቸው ውሃ የጠየቁበት ቦታ ላይ ደረሱ። ደብተሩ ቀጥሎ «እጇን ይዤ ነበር» ይላል። እሳቸው ያቺን ዓረፍተ ነገር ሳይናገሩ ቆዩ። ቴፑ ቋ ብሎ ቆመ።

«አለቀ ጋሼ።»

«ሰማሁ» አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «እጇን አልያዝኩም። ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስም ይጠራ ነበር፤ የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ። ስመለስ ጎረቤቶች ዓይኗን ከድነዋታል። ስጽፈው እጄ አላንገራገረም። ስናገረው ግን አፌ እምቢ አለ።»

ከደብተሩ እኔ ባነበው ማንም አያውቅም፤ ልላቸውም አፌን ከፍቼ ነበር። ስብሰባ ጥሎ መሄድ ቀርቶ፣ ስብሰባን በክፉ ማንሳትም የሚያስጠይቅበት ጊዜ ነበር።

«ካሴቱን መልሺና ከላይ አስጀምሪልኝ» አሉ። «አሁን የት እንደማሳጥር አውቄያለሁ። ስለ በሽታዋ ሁለት ገጽ የጻፍኩት ይቀራል።»

ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩ። ማይኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር አራቅሁና ርዕሱን ተናገርኩ። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘጋሁት። እንደ ክፍል ውስጥ፣ ሳይቸኩሉና ሳይሰምጡ ተናገሩት። ስብሰባውንም፣ የስም ጥሪውንም፣ ጎረቤቶቹንም እንደዚያው። በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ «ምዕራፍ ስድስት አበቃ» አሉና በጣታቸው ምልክት ሰጡኝ።

ያለቀሱት ማቆሚያውን ከተጫንኩ በኋላ ነው።