የእሱ ጂሜይል

እናቴ ከሞተች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስልኬ ተዘጋብኝ። ለቅሶ ቤት የተሰበሰቡት የዘመድ ልጆች እያነሱ ስላስቸገሩኝ ፒኑን ቀይሬው ነበር። ከዚያ ወዲህ በጣቴ አሻራ ብቻ ስከፍት ቆየሁ። አንድ ቀን ጅግጅጋ መብራት ጠፍቶ ዋለና ባትሪው አልቆ ጠፋ። ማታ ሰክቼ ሳበራው አሻራዬን አልቀበልም አለኝ፤ እንደ አዲስ ሲነሳ መጀመሪያ ፒን ነው የሚጠይቀው። ፒኑን ግን ከየት ላምጣው? የመጣልኝን ሁሉ ሞከርኩ። መጀመሪያ ትንሽ ጠብቂ አለኝ፣ በተሳሳትኩ ቁጥር መጠበቂያው እየረዘመ ሄደ።

ከቢሮ ወጥቼ ገበያው አጠገብ ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። አማርኛው መሐል ሶማሊኛ ጣል የሚያደርግ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«አባዮ፣» አለኝ፣ እህቴ ማለቱ ነው፣ «ፒኑን ከውስጡ ማውጣት አይቻልም። ማጽዳት ነው ያለው። ካጸዳሁት ውስጡ ያለው ሁሉ ይሄዳል። ጂሜይልና ፓስወርዱን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ» አልኩት። ቢሮ ውስጥ ለሥራ የከፈትኩት ነበረኝ፤ ያ መስሎኛል።

ስልኩን አጥፍቶ የድምፅ መጨመሪያውንና የማብሪያውን ቁልፍ አንድ ላይ ያዘ። ከወጣው ዝርዝር ውስጥ ሁሉን አጥፋ የሚለውን መረጠ። የእናቴ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ዓይኔን ወደ መንገዱ አዞርኩ።

ስልኩ ተነስቶ ቋንቋ ጠየቀ፣ ኢንተርኔት ጠየቀ፤ ከዚያም በፊት ይሠራበት የነበረውን አካውንት አስገቢ አለ። የእኔን ብናስገባ አልተቀበለም።

«ሲገዛ ማነው ያስተካከለልሽ?»

ያኔ ገባኝ። ስልኩን ባሌ ነበር የገዛልኝ፤ በራሱ ጂሜይል ከፍቶ ነው እጄ ላይ ያስቀመጠው። ከተፋታን ቆይተናል፤ እሱ ባቢሌ ገብቶ ጭነት ያስጭናል።

«ይሄ ለሌባ የተሠራ ነው» አለ ጠጋኙ። «የሰረቀ ሰው አጽድቶ እንዳይጠቀምበት፣ የባለቤቱን ጂሜይል ካላገኘ አይከፈትም። ድሮ የነበረው ፒንም ይሠራ ነበር፣ አንቺ ግን ረሳሽው። እንሰብረዋለን የሚሉ አሉ፤ እኔ አልነካም። ባለቤቱን አምጪው።»

«ባለቤቱ እኮ እኔ ነኝ!»

«ስልኩ አያውቅሽማ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም።

ሲም ካርዱን አሮጌ ስልክ ውስጥ ከትቼ ደወልኩለት። ፓስወርዱን በስልክ አልነግርሽም፣ ይዘሽው ነይ አለኝ። ቅዳሜ ካራማራን ተሻግሬ ባቢሌ ሄድኩ። አንድ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ስለ እናቴ ምንም አላለም። አልሰማም ይሆናል ብዬ ነበር ስንት ጊዜ ለሰው የተሟገትኩለት፤ «ቢሰማማ አይቀርም ነበር» እያልኩ። እሱን አምስት ዓመት ያበላችው እናቴ ናት።

ከራሱ ስልክ ኢንተርኔት አጋርቶ ፓስወርዱን አስገባ። ተከፈተ። ፎቶ ያለበትን ነካሁ፤ ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር። እናቴ ወጣች! ሐረር ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ትራሱን ተደግፋ። ከደስታዬ ብዛት እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ጠፍቶ አልነበረም እንዴ?»

«ከስልኩ ነው የጠፋው። የምታነሺው ሁሉ ጂሜይሉ ላይ ይቀመጣል።»

«ጂሜይሉ ያንተ ነው።»

«አዎ።»

«ስለዚህ አንተም ጋ ይታያል?»

የሻዩን ብርጭቆ አዞረ። «ራሱ ነው የሚገባው። እኔ አምጣ አላልኩትም።»

ወደ ታች ገፋሁት። የሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ደጃችን ላይ የተተከለው ድንኳን፣ ጥቁር የለበሱት እህቶቼ።

«ድንኳኑን አይተኸዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ያኔውኑ?»

«ያኔውኑ።»

«ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«ማንም አልነገረኝም» አለ። «ሰው ሳያረዳኝ፣ በፎቶ አየሁ ብዬ እንዴት ልምጣ?»

ብጮህ ሻይ ቤቱ ሁሉ ወደ እኛ ይዞራል። የእናቴን ፎቶዎች አንድ በአንድ ስልኩ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ የእሱን አካውንት አወጣሁ፣ የራሴን አስገባሁ። አለበለዚያ ሌላ ጊዜ ቢዘጋብኝ እንደገና እሱኑ ነው የሚጠራብኝ።

«ያንተ ጋ ያለውን አጥፋው» አልኩት።

«እሺ» አለ። አጥፍቶት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጽናሽ» አለኝ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «አሜን» አሉለት። እኔ አላልኩም።