2016 የሚለው ፎልደር

ስቱዲዮአችን ሽሮ ሜዳ፣ ከጋቢና ነጠላ ሱቆች በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስት ኤዲተሮች ነን። ሁለቱ ባልደረቦቼ ሃርድ ዲስክ እየያዙ ቤታቸው መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ግን ቢሮ ውስጥ የምውለው እኔ ብቻ ሆንኩ። ጠዋት ብቅ ይላሉ፣ ዲስክ ይለዋወጣሉ፣ ደህና ዋል ብለውኝ ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ሰው የማየው በመስኮት ነው።

ሥራዬ ቀረጻዎቹን መጠበቅ ነበር። ማንም አልሾመኝም፤ ንዴቴ ነው የሾመኝ። ሁሉም ፋይል «የመጨረሻ» ይባል ነበር። ከዚያ «የመጨረሻ አዲስ»፣ ከዚያ «የእውነት የመጨረሻ»። አንድ ቀን ደሜ ፈላና ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የፎልደር ስም በዓመት ይጀምር፣ ወርና ቀን ይከተል፣ ከዚያ ቦታና ካሜራ። እያንዳንዱ ቅንብር፣ ማለትም ተቆርጦ የተገጣጠመ ቪዲዮ፣ ቁጥር ይኑረው፤ በአሮጌው ላይ ደርቦ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ዋናው ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ በየቀኑ ወደ ሁለተኛው ይገለበጣል። ቅንብሮቹን ብቻ ደግሞ በትንሽ ዲስክ ቤቴ አስቀምጣለሁ፤ ጥሬው ቀረጻ እሱ ላይ አይገባም። ስሙን ያየ ሰው ፎልደሩን መክፈት እንዳያስፈልገው ነበር ሐሳቤ። የድሮዎቹንም ፎልደሮች በዚሁ መንገድ ሰየምኳቸው። በዚህ እኮራ ነበር።

ባልደረቦቼ መመሪያውን አንብበው ሳቁብኝ። እኔም አይታዘዙኝም ብዬ ደመደምኩ።

በዚያን ጊዜ ስለ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ፊልም እየሠራን ነበር። የአንዷ ባልደረባዬ አባት ሸማኔ ስለነበሩ እሳቸውንም ቀርጸናቸዋል፤ ሁለት ሰዓት ያህል አወሩልን። ጥቂት ወራት ቆይተው አረፉ። ልጃቸው የሳቸውን ክፍል ለመቁረጥ እጇ እምቢ አላትና ለሌላ ጊዜ ስታስተላልፈው ከረመች። እኔም አልጠየቅኳትም። ሐዘን ቤትም የሄድኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት ዋናው ዲስክ ሞላ። አዲስ ቀረጻ መገልበጥ ነበረብኝ። ዝርዝሩን ሳየው ከላይ በ2016 የሚጀምሩ ፎልደሮች ተደርድረዋል፣ ከታች በ2024 የሚጀምሩት። የ2016ቶቹ ለባለቤቶቻቸው ካስረከብናቸው ብዙ ዓመት የሆናቸው ሠርጎች ናቸው። ዓመታቸውን ብቻ አይቼ በጅምላ አጠፋኋቸው፤ በቦታቸው አዲሱን ቀረጻ ገለበጥኩ። ሲመሽ ሁለተኛው ዲስክ እንደ ደንቡ ከዋናው ጋር ተስተካከለ፤ ከዋናው የጠፋው ከሱም ላይ ጠፋ፣ አዲሱ ገባበት።

ባልደረባዬ የአባቷ አርባ ከወጣ በኋላ መጣች። አጠገቤ ተቀመጠችና አሁን የአባቷን ክፍል ልትጀምር እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ፈለግን። ከ2024ቱ ውስጥ የለም። ምን ብላ እንደሰየመችው ስጠይቃት ወደ ግድግዳው ወረቀት አመለከተች። «አንተ እንዳልከው ነዋ፤ ዓመቱ ከፊት፣ 2016፣ ከዚያ ጥር 12።»

መመሪያዬ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚጻፍ አይልም። እኔና ሌላው ባልደረባዬ እንደ ካሜራው በፈረንጆቹ እንጽፍ ነበር፣ እሷ በኛው። ከሁላችን ቃል በቃል የታዘዘችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አጥፍቼዋለሁ አልኳት። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም በሁለቱም ዲስክ ላይ አስኬድን፤ አዲሱ ቀረጻ ተደርቦበት ስለነበር የወጣው የማይከፈት ቁርጥራጭ ነው። ሜሞሪ ካርዶቹም ተጠርገው ስንት ጊዜ ተቀርጾባቸዋል።

በማግስቱ ከቤት ትንሹን ዲስክ ይዤ መጣሁ። ቅንብር ቁጥር አንድን ከፈትኩ። ድምፁና ምስሉ መገጣጠሙን ለማየት ብዬ የአባቷን ቀረጻ የመጀመሪያ ደቂቃ ጨምሬበት ነበር፤ ከቁጥር ሁለት ጀምሮ ወጥቷል። ከሁለት ሰዓቱ የተረፈው ይኸው ነው።

ሽማግሌው ሸማኔ መወርወሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ድምፅ ለመለካት ያሻቸውን እንዲናገሩ ስጠይቃቸው ይሰማል። እሳቸውም ካሜራውን ትተው ወደኔ ዞሩ።

«እ... ምን ልበል? አንተ ከማን ጋር ነው የምትኖረው ልጄ?»

«ብቻዬን ነኝ አባባ።»

«ብቻህን? በል እሁድ እኛ ቤት ና። አብረን ምሳ እንበላለን።»

እዚያ ላይ ያልቃል። ስሟን አልጠሩም፤ ስለሷ አንድ ቃል የለበትም። የቀረላት የአባቷ ድምፅ ለኔ የተነገረ ነው። ሦስቴ መልሳ አየችው። ከዚያ ጆሮዋ ላይ ያለውን ማዳመጫ አወለቀችና ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ።

«ሄድክ?»

አልሄድኩም ነበር።