አክስቴ ያኮረፈችበት ውል

አክስቴ ስታኮርፍ አትጮህም። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ትደፋውና ሰው መጥቶ እስኪለምናት ትጠብቃለች። በእኛ ቤተሰብ ይህ ዘዴ ከሽፎ አያውቅም። አጎቴ፣ ጎረቤቶቿ፣ የዕድሩ ሰዎች በየጊዜው መጥተው አባብለው መልሰዋታል። ስለዚህ ዱባይ ያለውን ሸሪኳን ስታኮርፍ እሱም አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል ብላ መጠበቋ ብዙ አያስገርምም። ከልቤ ነው የምለው፤ እኔም ትንሽ ጠብቄ ነበር።

ኩባንያው ሰሚት አካባቢ የኬክና የጫማ ካርቶን ያመርታል። ፋብሪካውን ከባዶ የጀመረችው አክስቴ ናት። በኋላ ከአንድ የዱባይ ወረቀት ነጋዴ ጋር እኩል በእኩል ሽርክና ገባች፤ እሷ ፋብሪካውንና ደንበኞቿን አመጣች፣ እሱ አዲስ ማሽንና ወረቀት። እሱን ወክሎ እዚህ የሚሠራው አትላስ አካባቢ ቢሮ ያለው አንድ ትሑት ወጣት ነው፤ ከአክስቴ ጋር ቦርዱ ላይ የሚቀመጠውም እሱ ነው። አክስቴን "እትዬ" ይላታል፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚለውን ግን ግማሹን በእንግሊዝኛ ስለሚለው አክብሮቱ መሃል መንገድ ላይ ይቀራል።

ውሉን ያዘጋጀችው ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ያላት ጠበቃ ስትሆን አክስቴ ከገጾቹ ሁሉ የወደደችው አንዱን ብቻ ነበር። ሁለቱም ወገኖች በጽሑፍ ካልተስማሙ የማይደረጉ ነገሮች የተዘረዘሩበት ገጽ ነው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ መበደር፣ ማሽን ለብድር ማስያዝ፣ ሥራ አስኪያጅ መሾምና ማንሳት፣ አዲስ ሸሪክ ማስገባት። "ያለ እኔ ቅንጣት አይነቃነቅም ማለት ነው" ብላ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ታስነብበው ነበር። የቀሩት ገጾች ለሸሪኩ የተጻፉ ይመስል አልገለጠቻቸውም።

ጠቡ የተነሳው ወኪሉ ሁለተኛ ማተሚያ ማሽን በባንክ ብድር እንዲገዛ፣ ያሉት ማሽኖችም ለብድሩ እንዲያዙ ባቀረበ ጊዜ ነው። ሁለቱም ጉዳዮች አክስቴ የምትወደው ገጽ ላይ አሉ። ስብሰባው ላይ ተገኝታ "አልስማማም" ብትል ይበቃት ነበር። ግን ሐሳቡ የመጣው በኢሜይል ነው፤ ወኪሉ ቤቷ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ስለ ጤናዋ ጠይቆ አልነገራትም። ስልኩ ተደፋ።

"ለስብሰባው አትሄጂም?" አልኳት።

"ለምን እሄዳለሁ? ያለ እኔ ምን ሊያደርግ ነው? ወረቀቱ ላይ አላየሽም?"

አላየሁም ማለት ድፍረት መሰለኝ። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የትምህርት ክፍልም አልተመደብኩም። አክስቴ ግን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁሉ ሕግ፣ ሕክምናና የቴሌቪዥን ጥገና ያውቃል ብላ ታምናለች።

የመጀመሪያው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ተበተነ፤ የሚቀጥለውም እንዲሁ። አክስቴ ሁለት ጊዜ ያሸነፈች መስሏት ጮማ አስገዛች። ከዱባይ ሸሪኩ ራሱ ደወለ፤ አላነሳችም። "ትንሽ ይለምን" አለችኝ። እኔም፣ እንዳታዝንብኝ ብዬ፣ "ልክ ነሽ" አልኳት። ወር ሞላ። ለማኙ አልመጣም፤ የመጣው የሸሪኩ የጽሑፍ ማስታወቂያ ነው።

ጠበቃዋ ጋ ስንሄድ አሳንሰሩ ስለማይሠራ አክስቴ ቢሮው የደረሰችው በሁለት ነገር ተናዳ ነበር። ጠበቃዋ ውሃ ሰጠቻትና ቀስ ብላ ጀመረች።

"የተከለከሉት ጉዳዮች ላይ ያለ እርስዎ ፈቃድ ምንም አይደረግም። ይህ እውነት ነው፤ ማሽኑም አልተገዛም።"

"እኮ!"

"ግን በተከታታይ ሁለት ስብሰባ ላይ ውሳኔ ካልተገኘ፣ አንዱ ወገን በመቅረቱም ቢሆን፣ ውሉ 'ነገሩ ቆሟል' ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ ሁለቱ ባለቤቶች አንድ ወር እንዲነጋገሩ ይላል። ሸሪኩ ደውለውልዎት ነበር?"

አክስቴ እኔን አየች። እኔ ውሃውን አየሁ።

"ካልተነጋገሩ ደግሞ አንዱ ወገን ዋጋ ይጠራል። በላኩት ማስታወቂያ ጠርተዋል። በዚህ ዋጋ ወይ ድርሻዎን ይሸጡላቸዋል፣ ወይ የእነሱን ድርሻ ይገዛሉ። ምርጫው የእርስዎ ነው።"

"ሁለቱንም ባልመርጥስ? ዝም ብል?"

"ዝም ካሉ፣ ቀነ ገደቡ ሲያልፍ እንደሸጡ ይቆጠራል።"

ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገላት መሣሪያ ፋብሪካዋን ሊያሳጣት መሆኑን አክስቴ ስትረዳ አየኋት። ከዚያ የጠየቀችው ጥያቄ፣ ከክብሯ አንጻር፣ ተገቢ ነበር።

"ውሉ ላይ ሽማግሌ የሚል የለም?"

"አልጻፍንም።"

እሷ ግን ላከች። ሁለት የዕድር አባቶችና አንድ ሐጂ ነጭ በነጭ ለብሰው አትላስ ወኪሉ ቢሮ ገቡ። ወኪሉ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፣ ማኪያቶ አዘዘላቸው፣ ምርቃታቸውንም በደንብ ተቀበለ። ከዚያ፣ ሐጂው እንደነገሩን፣ "አባቶቼ፣ እኔ ፕሮሰሱን ነው የምከተለው፤ እትዬ መልሳቸውን በጽሑፍ ይላኩልኝ" አላቸው። ሽማግሌዎቹ ልጁ የተባረከ መሆኑን መስክረው ተመለሱ።

በሚቀጥለው ቀን ጠበቃዋ ደወለች። አክስቴ ስልኩን አነሳች፤ ይህም በራሱ ዜና ነው።

"ዋጋው ዝቅተኛ ነው" አለች ጠበቃዋ። "እርስዎ ይገዛሉ ብለው ቢሰጉ ኖሮ እንዲህ ዝቅ አያደርጉትም ነበር፤ በዚሁ ዋጋ የራሳቸው ድርሻ ነዋ የሚሸጠው። እርስዎ እንደለመዱት አይመልሱም ብለው ነው።"

አክስቴ ፊቷ ቀላ። ልማዷን እንዲህ አጥንተው ዋጋ ላይ መጻፋቸው ከማሽኑም፣ ከኢሜይሉም በላይ አመማት።

ገንዘቡን የምታገኝበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ የምትኖርበትን ቤት ለባንክ ማስያዝ። የፋብሪካ ማሽን ለብድር ይያዝ ሲባል ያኮረፈች ሴት፣ መኝታ ቤቷን አስያዘች። ይህን ነገር ጮክ ብዬ አላልኩትም፤ ጥሩ የእህት ልጅ ነኝ።

የመግዛት መልሱን ይዘን አትላስ የሄድነው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ነው። ወኪሉ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

"እትዬ... እኔ እኮ ሳይለንት የሚሆኑ መስሎኝ ነበር።"

"አኩርፌ ነበር እንጂ ሞቼ አልነበረም" አለችው። "ተቀብያለሁ ብለህ ፈርምልኝ፤ ቅጂው ላይ።"

ፈረመ። ጤናዋንም ጠየቃት፤ ትንሽ ቢዘገይም።

ድርሻው ተዛውሮ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ያለው ወረፋ ሁሉ አልፎ፣ ፋብሪካው ሙሉ በሙሉ የአክስቴ ሲሆን ዘመድ ተሰብስቦ እልል አለ። እኔ ከባንኩ ጋር የፈረመችውን የብድር ውል እንዳነብላት ታዘዝኩ። ማምሻውን ግቢው ውስጥ ተቀምጠን አነበብኩላት፤ በዚህ ጊዜ አንድም ገጽ ሳይዘለል።

"እዚህ ጥግ ላይ ሁለት ክፍል ልጨምር ብልስ?" አለች መሃል ላይ።

"ባንኩ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት።"

"ቤቱን ላከራይ ብልስ?"

"እሱንም።"

"ዝም ቢሉኝስ?"

"እንደፈቀዱ አይቆጠርም።"

አክስቴ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ልትደፋው መስሎኝ ነበር። የባንኩን የብድር ክፍል ኃላፊ ቁጥር ፈልጋ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ "እንደምን አመሹ የኔ ጌታ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደኅና ነው?" አለችው።