የስድስት ዶላር ቲሸርት

ኮሎምቢያ ሃይትስ ከተማ ባለችው የቲሸርት ማተሚያ ሱቃችን የምንሠራው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። ሰመር ላይ ወገባችን እስኪቆረጥ እናትማለን፤ ጃንዋሪ ሲመጣ ግን ስልኩም ማሽኑም ጭጭ ይላል። በመጀመሪያው ጃንዋሪያችን ሬንቱን፣ የሱቁን ኪራይ፣ መክፈል ስላቃተን፣ ሱቁን ዘግቼ ወደ መጋዘን ሥራዬ መመለሴ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር።

በዚያ ሰሞን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ከኩን ራፒድስ ከተማ መጡ። ለወጣቶች ኮንፈረንስ ሁለት መቶ ቲሸርት ፈልገዋል፤ ለአንዱ የሚከፍሉት ስድስት ዶላር ብቻ ነው። የእኛ ዋጋ አሥር ነበር።

«አባባ፣ ለራሳችን እንኳ ስምንት ይፈጅብናል! ከኪሴ ሁለት ዶላር እየጨመርኩ ላትምልዎት?» አልኳቸው። ሰውየው ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። እኔም ክብሬን አስጠበቅሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ባለቤቴ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ አለች። «ስምንቱን ከየት አመጣኸው?»

«ቲሸርቱ ሦስት፣ ቀለምና መብራት አንድ፣ ሬንትና የማሽኑ ክፍያ ሲካፈል አራት።»

«የእሳቸውን ባናትም ሬንቱና የማሽኑ ክፍያ ይቀርልናል?»

«አይቀርም።»

«በዚህ ሳምንት ሌላ ኦርደር አለን?»

«የለንም፤ ግን ሊመጣ ይችላል።»

«ላም አለኝ በሰማይ! በእሳቸው ምክንያት የሚወጣው የቲሸርቱና የቀለሙ አራት ዶላር ብቻ ነው፤ የሚከፍሉት ስድስት። አራት መቶ ዶላር በበሩ ሸኘህ እኮ!»

የሚያናድደው፣ ልክ ነበረች። በረዶው ላይ እየተንሸራተትኩ መኪናቸው ድረስ ሮጥኩ፤ መስኮቱን አንኳኩቼ ይቅርታ ጠየቅኳቸውና በስድስቱ ተስማማን። አራት መቶው ሬንቱን ሙሉ ባይሸፍንም፣ የጎደለውን ሞላልንና ሱቁ ተረፈ።

ከዚያ ወዲያ እኔ የለየልኝ አዋቂ ሆንኩ። ጁን ላይ ሽማግሌው ለሴቶች ኅብረት ሁለት መቶ ቲሸርት በዚያው ዋጋ ለማሳተም ሲመጡ፣ ባለቤቴን ሳላማክር «እሺ፣ በደስታ!» አልኳቸው።

«አይቻልም፣ አባባ፤ አሥር ነው» አለች ባለቤቴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ማሽኑ አሁን ሥራ ፈቷል? የእሳቸውን ለማተም በአሥር ዶላር የያዝነውን የአንድ ትምህርት ቤት የሁለት መቶ ቲሸርት ሥራ ልንመልስ ነው። ከእነሱ በቲሸርት ስድስት ይተርፈናል፣ ከእሳቸው ሁለት። ስምንት መቶ ዶላር ልትጥል ነው!» አለችኝ።

አፈርኩ። ሽማግሌው አንዴ እኔን አንዴ እሷን አዩ።

«እና ጃንዋሪ ብመጣ ስድስት ነው?»

«ማሽኑ ባዶ ከሆነ፣ አዎ» አለች።

እኔን ከጃንዋሪ እስከ ጁን የፈጀብኝ ነገር እሳቸው ቆመው ገባቸው። የወጣቶቹ የሚቀጥለው ኮንፈረንስ ፌብሩዋሪ ነው፣ ሴቶቹም እስከዚያ ይታገሣሉ አሉና፣ ጃንዋሪ ለሚታተም አራት መቶ ቲሸርት ቀብድ ከፍለው ወጡ።

ጃንዋሪን ሳልፈራ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋልኩት ያን ቀን ነው።