መቶ ስልሳ ስምንት፣ በምን መለኪያ?

ቡራዩ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ውጤቶችን ኮምፒውተር ላይ እገለብጣለሁ። ታካሚዎች ከየቦታው ያስመረመሩበትን ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። እኔ ቁጥሩን፣ የተለካበትን መለኪያና አጠገቡ የተጻፈውን መደበኛ ወሰን አንድ መስመር ላይ አሰፍራለሁ። ወሰኑን ከራሴ አልጽፍም፤ እያንዳንዱ ላብራቶሪ የራሱ ማሽንና የራሱ ወሰን ስላለው ከዚያው ወረቀት ነው የምወስደው። ቀኑን ሙሉ ይህን ስሠራ ስለምውል የሰው ሕመም ዓይኔ ሥር መስመር ሆኖ ያልፋል።

አባቴ ሱሉልታ የሚኖር ገበሬ ነው። እግሩ ማበጥ ሲጀምር እዚያው ባለ አንድ ክሊኒክ ተመረመረ። ኩላሊት ከደም አጣርቶ ማስወጣት ያለበት፣ ክሬቲኒን የሚባለው ነገር፣ 1.9 ሆኖ ተገኘ። ቆየት ብሎ ወንድሜ አዲስ አበባ ወስዶ እንደገና አስመረመረው። የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ስከፍት የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ የሚል አየሁ፦ «የአባዬ ክሬቲኒን ከ1.9 ወደ 168 ገብቷል።» ከሥሩ አክስቴ በድምፅ መልእክት እያለቀሰች ነበር።

ምንም አልተሰማኝም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«መቶ ስልሳ ስምንት ምን?» አልኩት።

«ምን ማለት ምን? ክሬቲኒን ነዋ!»

«በምን ተለክቶ? ወረቀቱን ሙሉውን ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።»

ላከልኝ። 168 ማይክሮ ሞል በሊትር ይላል፤ ወሰኑ ከ62 እስከ 115። የሱሉልታው 1.9 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነበር፤ ወሰኑ ከ0.7 እስከ 1.3። መቶ ስልሳ ስምንቱን ለመቀየሪያው ቁጥር፣ ለ88.4፣ አካፈልኩት። 1.9 መጣ።

«ምንም አልጨመረም፤ መለኪያው ነው የተለየው» አልኩት።

ወንድሜ «ለአባዬ ነግሬዋለሁ እኮ» አለኝ።

አስፈቅጄ ወጣሁ። ሱሉልታ ስደርስ አባቴ ጎረቤቶቹንና የንስሐ አባቱን ሰብስቦ ደጅ ተቀምጧል። አንዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ «አካም ኦልቴ»፣ እንዴት ዋልሽ፣ ብለው ተቀበሉኝ፤ ዓይኔን ግን አላዩም። አባቴ በሬዎቹን ለወንድሜ፣ ባሕር ዛፉን ለእኔ ብሎ ተናዝዞ ጨርሶ ነበር።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ አንድ ኩንታል ጤፍና መቶ ኪሎ ጤፍ ይለያያል?»

«አንድ ነው እንጂ።»

«ያንተም ውጤት እንደዚያ ነው። አንዱ ቦታ በአንድ መለኪያ ለኩት፣ ሌላው ቦታ በሌላ። ደምህ ያው ነው።»

«ታዲያ ድኛለሁ?»

«አልዳንክም። በሁለቱም ከወሰኑ በላይ ነህ። ግን አልባሰብህም።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ቄሱ አማተቡ። አባቴ ግን አልሳቀም። «በሬዎቹን ግን ለወንድምሽ ብዬ ተናግሬያለሁ» አለ፤ እንዳፈረ ሰው መሬት መሬት እያየ። እኔ አሁን አለቅሳለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ያደረግኩት ነገር ቢኖር ነጠላዬን አጣጥፌ መነሣት ነበር።

ከወራት በኋላ አባቴ ሱሉልታ ምርመራውን ደገመና ወንድሜ ከወረቀቱ ፎቶ ጋር ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «እግዚአብሔር ይመስገን! ከ168 ወደ 2.9 ወረደ።» አክስቴ በድምፅ እልል አለች። አጎቴ የተጣመሩ እጆች ምልክት ላከ።

ምሳዬን እየበላሁ ነበር። በልቼ ጨረስኩና እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ሦስቱን ውጤቶች እንደ ሥራዬ በሦስት መስመር ጻፍኳቸው፤ ሁሉንም ከነመለኪያውና ከነወሰኑ። የአዲስ አበባው ጎን ደግሞ ወደ ሱሉልታው መለኪያ ሲቀየር 1.9 መሆኑን ጨመርኩ። ከሥሩ «አልወረደም። ወጥቷል» አልኩ።

ከዚያ ወንድሜ ደወለ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የወረቀቱ መለኪያ ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ከ1.9 ወደ 2.9 ነው የሄደው።»

«በቁጥር ግን ትንሽ ነው እኮ…» አለና ራሱ አቋረጠው። አላጽናናሁትም፤ «ነገ ሐኪም ዘንድ እንውሰደው» አልኩት።

በማግስቱ አባቴን ይዘን አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ሦስቱን መስመሮች በጣቱ እየተከተለ አነበበና ወደ አባቴ ዞረ። «አባባ፣ በቅርቡ የጀመሩት መድኃኒት አለ?»

«የለም» አለ አባቴ። «ለጉልበቴ ብቻ፣ ከፋርማሲ የምገዛት አለች።»

ከኮቱ ኪስ አወጣት። ያችን ማስታገሻ ማናችንም አናውቃትም ነበር። ሐኪሙ ስሟን አይቶ ኩላሊቱን የምትጎዳ እንደሆነች ነገረው፤ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነካትም አለውና እንዲሰጠው እጁን ዘረጋ። አባቴ ለመስጠት አቅማማ። «ያለሷ እንዴት ነው የምሄደው?» አለ። ሐኪሙ ለጉልበቱ ሌላ ነገር ጻፈለት፤ አባቴ ግን ወረቀቱን እንኳ አላየውም።

የሚቀጥለው ውጤት 2.2 ሆነ፤ በዚያው በሱሉልታው ክሊኒክ፣ በዚያው መለኪያ። ሐኪሙ ከዚህ በታች ላይወርድ ይችላል ብሎናል። አባቴ አሁን ወደ ማሳው በዱላ ነው የሚወርደው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ባለፈው እሑድ ስሄድ ወንድሜ እስኪወጣ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚያች መድኃኒት አንዲት ፍሬ ብቻ፤ አንቺ ክሊኒክ አይደል የምትሠሪው?» አለኝ።

«አይሆንም አባዬ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጉልበቱን ሳሸው ግን አልከለከለኝም። እስኪመሽ አሸሁለትና የመጨረሻውን ሚኒባስ ይዤ ተመለስኩ።