ስድሳን የሚጠራው አዝማች

አባባ ስድሳ ሊሞላቸው ሳምንት ሲቀር እግራቸው አበጠ። ቦቲው አልገባ ሲል «ጫማው ነው የጠበበ» ይሉናል። ከሩዙ ማሳ እስከ ቤት ድረስ ትንፋሽ እያጠራቸው መንገድ ላይ ይቆማሉ። ወረታ ያየቻቸው ሐኪም «ልብዎን ባሕር ዳር ሄደው ይታዩ፣ አይዘግዩ» አለቻቸው። እሺ ብለዋት ወጡና ቀጥታ ወደ ከብቶቻቸው። እናቴ ለመነች፣ የንስሐ አባታቸው ለመኑ፣ እኔ ደግሞ ጮህኩ። ስናደድ እጮሃለሁ፤ ከራሳቸው የወረስኩት ነው።

በጩኸት ያልሆነው በሳቅ ይሆን እንደሆን ብዬ ግጥም ልገጥምላቸው ተነሣሁ። አባባ ከሳቁ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ልደት ማክበር በኛ ቤት የተለመደ አይደለም፤ ግን ስድሳ ነው፣ ቤተሰቡም ይሰበሰባል። ሁሉም ሲስቅ «በሉ ነገ ባሕር ዳር እንሂድ» እላቸዋለሁ አልኩ።

መጀመሪያ አዝማቹን ሠራሁ፤ ሁሉም የሚቀበለው እሱን ነውና። የመጀመሪያው ረዝሞ የወንድሜ ልጆች መሀሉ ላይ ጠፋባቸው። ቆራርጬ ቆራርጬ ይህ ቀረ፦

ስድሳ ምን አላት! ገና ነው ገና!

ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ ጭብጨባው በየግማሹ ይወድቃል። ልጆቹ አንዴ ሰምተው ያዙት። ከዚያ ለአቀንቃኟ፣ ማለትም ለኔ፣ ሁለት ሁለት መስመር በዚያው ልክ ገጠምኩ። የሁለቱ መስመር መጨረሻ ቤት መምታት አለበት፤ ቤቱ ሲመታ ተቀባዩ ተራው መሆኑን ሳይነገረው ያውቃል። ቀልዱን የመረጥኩት ራሳቸው እየሳቁ ከሚያወሩት ነው፤ ሰው በራሱ ከሳቀበት ነገር ሌላው ቢስቅ አይቀየምም።

በዕለቱ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ልጆቹ ጓሮ ሲለማመዱ እናቴ ሰማች። እጄን ይዛ ወደ ጎተራው ጎተተችኝ።

«ምን አባሽ ነው የምታስተምሪያቸው? ስድሳ ስድሳ የሚሉት!»

«ልደታቸው አይደል እንዴ?»

«አባታቸው በስድሳቸው ነው የሞቱ። ታላቅ ወንድማቸውም ስድሳን አላለፉም። ሐኪም ቤት እምቢ ያሉት ለምን ይመስልሻል? ቀኔ ነው ብለው ቆርጠው ነው!»

ወይ ጉዴ! ሮጬ ልጆቹን «ቃሉን እንለውጥ» ብላቸው ማን ሊሰማኝ፤ አፋቸው አንዴ ለምዷል። እንግዳው ገባ፣ አባባም ጋቢያቸውን ደርበው ተቀመጡ። ልጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሁሉም ወደኔ ዞረ።

ቦቲ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣
ባንድ እግር መጡ ሰው ሁሉ አይቶ።

«ስድሳ ምን አላት! ገና ነው ገና!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባባ አልሳቁም፤ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ማቆም ደግሞ ይብሳል፣ ሰዉ ምን ሆነች ይላል። ቀጠልኩ።

ለበሬው ምክር፣ ለላሟ ወሬ፣
ለእማማ ግን «ቆይ፣ ደክሞኛል ዛሬ»።

«ስድሳ ምን አላት! ገና ነው ገና!»

አባባ እጃቸውን አነሡ። ጭብጨባው ቆመ። ሊቆጡ ነው ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል፣

«እኔም ልስጥ» አሉ።

በኛ አገር ግጥም የሚሰጥ ሰው አይከለከልም፤ የሰጠውንም አለመቀበል ነውር ነው። ቀስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ፣ እንዲህ አሉ፦

አባቴም ሄዱ ስድሳ ሲሞላ፣
የኔም ቀን ደርሷል፣ የለኝም ሌላ።

የተቀበለ የለም። ልጆቹ እንኳ ገብቷቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ወንድሜ ፊቱን አዞረ። አባባ ግን ጠበቁ፤ አንድ በአንድ እያዩን ጠበቁ።

እናቴ ናት የተቀበለቻቸው። ቅድም ጎተራው ጋ በግጥሙ የተቆጣችኝ እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ብቻዋን፣ እያለቀሰች አጨበጨበች።

«ስድሳ ምን አላት! ገና ነው ገና!»

ደገመችው። ሦስተኛው ላይ ሁላችንም ገባንበት፤ እየጮህን፣ እየተቆጣናቸው፣ እየለመንናቸው። ያ ለሳቅ የሠራሁት ነገር ምህላ ሆኖ አረፈው። አባባ መልሱን እስኪጠግቡ ድረስ ሰሙን።

ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና እናቴን ጠሯት።

«ፈርቻለሁ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ባሕር ዳር ብቻዬን አልሄድም። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«ኧረ አሁኑኑ ቢሉስ!» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያጣፋች።