የፓምፑ ኩርባና የጋሼ ውርርድ

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ አንድ ባለ አሥራ አንድ ፎቅ ሕንፃ ጥገና ኃላፊ ሳለሁ፣ ባለቤቱ ሳያማክሩኝ አዲስ ፓምፕ ገዝተው መጡ። ጡረታ የወጡ ነጋዴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። የፓምፑን ሰሌዳ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

"እስከ ስልሳ ሜትር! በደቂቃ እስከ ሦስት መቶ ሊትር! የኛ ከፍታ ስንት ነው?"

"ከምድር ቤቱ ታንከር እስከ ጣሪያው ሠላሳ ስምንት ሜትር።"

"በቃ! የጣሪያው ሦስት ሺህ ሊትር በአሥር ደቂቃ ይሞላል።"

"ጋሼ፣ ሁለቱ ቁጥሮች እኮ አብረው አይመጡም።"

ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን ወረቀት አውጥቼ የፓምፑን ኩርባ፣ ቁመቱ ከፍታን አግድሙ ፍሰትን የሚያሳየውን ስዕል፣ አሳየኋቸው። መስመሩ በግራ በኩል ስልሳ ሜትር ላይ ይጀምርና ወደ ቀኝ እየሄደ ይወርዳል።

"ስልሳ ሜትር የሚገፋው ጠብታ ሳያፈስ ነው። ሦስት መቶ ሊትር ሲያፈስ ደግሞ አቅሙ አሥራ አምስት ሜትር ብቻ ነው።"

ቀጥዬ የሕንፃውን መስመር፣ ማለትም ውሃውን ጣሪያ ለማድረስ የሚያስፈልገውን ግፊት፣ በእርሳስ ሳልኩ። ከሠላሳ ስምንት ይነሳል፤ ፍሰቱ በጨመረ ቁጥር ቧንቧው ውስጥ ያለው ፍትጊያ ስለሚጨምር ሽቅብ ይወጣል። ሁለቱ መስመሮች በደቂቃ መቶ ሃምሳ ሊትር ገደማ ላይ ተገናኙ።

"ፓምፑ የሚሠራው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።"

"ስዕል ነው ይሄ! የተሸነፈ ክትፎ ይጋብዝ።"

ባዶውን የጣሪያ ታንከር ሊጠብቁ በሊፍት ወጡ፤ እኔ ምድር ቤት ፓምፑን አስነሳሁ። ልክ በአሥረኛው ደቂቃ ስልኬ ጠራ።

"ሞልቷል! አጥፊው!"

አጠፋሁ፤ ግን አላመንኳቸውም። ስወጣ ጋሼ በሙሉ ልብሳቸው ታንከሩን ተደግፈው፣ እጃቸውን ክዳኑ ላይ ጭነው ቆመዋል።

"እስቲ ዞር ይበሉልኝ፣ ልየው።"

"ወገቤን ይዞኛል፣ መንቀሳቀስ አልችልም።"

ሳልከራከር የታንከሩን ጎን ከታች ወደ ላይ በጣቴ አንኳኳሁ። መሃል ላይ ስደርስ ድምፁ እንደ ከበሮ ሆነ። ጋሼ ሰማይ ሰማዩን ማየት ጀመሩ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ምናለ ዝም ብትይ!"

ፓምፑን ደግሜ አስነሳሁ። ሌላ አሥር ደቂቃ ገደማ ፈጅቶ ሞላ። ወገባቸው ግን ወዲያው ድኖ ነበር፤ ምግብ ቤቱ ድረስ ቀድመውኝ ነው የሄዱት።

እየበላን ሳለ ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ።

"ቧንቧውን በሰፊ ብንቀይረውስ?"

"ፍትጊያው ይቀንሳል፤ የእርሳሱ መስመር ዝቅ ይልና ነጥቡ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሁለት መቶ ሊትር እናገኝ ይሆናል።"

ቀየሩት፤ በአሥራ አምስት ደቂቃ መሞላት ጀመረ። ለሳምንት ያህል ተከራዩን ሁሉ እያስቆሙ ኩርባውን አስረዱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቢሮዬ መጡ።

"አሥር ደቂቃ ለማድረስ ከዚህም የሰፋ ቧንቧ እናድርግ?"

"ፍትጊያው ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ ከፍታው አይቀንስም ጋሼ፤ ሠላሳ ስምንት ሜትር እንደሆነ ነው።"

ትንሽ አሰቡና "ሁለት ፎቅ ብናፈርስስ?" አሉኝ። እስካሁን ቀልዳቸው ይሁን ቁምነገራቸው አላወቅሁም።